20,000 ይላል፣ ስልክ ግን 4 ጊዜ አይሞላም፦ የፓወር ባንክን እውነተኛ አቅም እቤት መለኪያ መመሪያ

ፓወር ባንክ ገዝቶ ቅር የተሰኘ ሰው የሚያቀርበው ስሌት አንድ ዓይነት ነው። ፓወር ባንኩ 20,000 ነው፣ ስልኬ 5,000 ነው፣ ስለዚህ 4 ጊዜ መሙላት አለበት ይላል። ሁለት ጊዜ ተኩል ሞልቶ ሲጠፋበት ፒያሳ ወደገዛበት ሱቅ ይመለሳል። ባለሱቁም «ሁሉም እንደዚሁ ነው፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይሸኘዋል። አንዳንዴ ባለሱቁ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን 30,000 የተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ያለው 8,000 ብቻ ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ጎን ላይ የሚበሩት አራት መብራቶችም አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም ትንሹም ትልቁም ፓወር ባንክ ሲሞላ አራቱንም ያበራል። መለየት የሚቻለው በመለካት ነው። ሥራው አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ ግን መጠበቅ ብቻ ነው።

## የምታዘጋጁት

ዋናው መሣሪያ ዩኤስቢ ቴስተር ነው። ፓወር ባንኩና ኬብሉ መካከል የሚሰካ፣ ትንሽ ስክሪን ያለው ዕቃ ነው። ስትገዙ ስክሪኑ ላይ V እና A ብቻ የሚያሳየውን አትውሰዱ፤ mAh የተባለውን ሚሊ አምፒር ሰዓትና Wh የተባለውን ዋት ሰዓት የሚቆጥረውን ፈልጉ። ቴስተር ካላገኛችሁ ደረጃ 5 ላይ ያለ እሱ የሚሠራበትን መንገድ ጽፌያለሁ።

ከዚህ ሌላ ጽሑፉ የሚነበብ ቻርጀር፣ አጭርና ወፍራም ኬብል፣ ባትሪያቸው የጎደለ ሁለት ወይም ሦስት ስልኮች፣ እንዲሁም ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋችኋል። ለሚዛን የቅመም ነጋዴ ወይም የወርቅ ሠሪ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ ጎረቤት ሱቅ ጠይቃችሁ ልትመዝኑ ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓወር ባንኩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሆዱ ተነፍቶ ወይም መገጣጠሚያው ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። ካበጠ መለካቱን ተዉት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ውስጡን ለማየት በቢላ መክፈትም አይገባም። ባትሪው ከተበሳ በሰከንዶች ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል።

## ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ወደ ዋት ሰዓት ቀይሩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ውስጥ ያሉት ባትሪዎች የሚይዙት ነው። የእነዚህ ባትሪዎች አማካይ ቮልት 3.7 ነው። ስልካችሁ በኬብል የሚቀበለው ግን 5 ቮልት ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለ ትንሽ ሰርኪት 3.7ቱን ወደ 5 ከፍ ያደርገዋል። ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሚሊ አምፒር ሰዓቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። እስካሁን ማንም ምንም አልሰረቀም፤ ያው ጉልበት በሌላ ቮልት ሲቆጠር ቁጥሩ ስለሚለያይ ነው።

በቮልት መለዋወጥ የማይምታታው ቁጥር ዋት ሰዓት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተጻፈውን ለ1,000 አካፍላችሁ በ3.7 አባዙ።

```
20,000 ÷ 1,000 × 3.7 = 74 Wh
74 ÷ 5 × 1,000 = 14,800 mAh
```

ሁለተኛው መስመር እንደሚያሳየው ምንም ባይባክን እንኳ በ5 ቮልት የሚወጣው 14,800 ነው እንጂ 20,000 አይደለም። በዚህ ላይ ሰርኪቱ ሲሠራ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ስልክ ስትሞሉ ፓወር ባንኩ ሞቅ የሚለው በዚህ ነው። ደህና ዕቃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያባክናል። 15 በመቶ ብንይዝ ከ74 ዋት ሰዓት 63 ይወጣል። በ5 ቮልት ሲቆጠር 12,600 ገደማ መሆኑ ነው።

ስልኩም የራሱን ያባክናል። የ5,000 ስልክ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 3.85 ቮልት ስለሆነ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ከፓወር ባንኩ ከወጣው 63 ውስጥ ስልኩ ባትሪ ውስጥ የሚገባው 53 ወይም 54 ነው። ለ19 ስታካፍሉት ከ2 ጊዜ ተኩል በላይ፣ 3 ግን የማይሞላ ይሆናል። እንግዲህ 20,000 ተጽፎበት ስልካችሁን ሁለት ጊዜ ተኩል የሞላ ፓወር ባንክ ደህና ዕቃ ነው። ወደ ሱቅ አትመልሱት።

የእናንተን ቁጥር አስሉና ወረቀቱ ላይ «የተጻፈው ዋት ሰዓት» ብላችሁ መዝግቡ። አንዳንድ ፓወር ባንክ ራሱ ጀርባው ላይ Wh ጽፎ ስለሚገኝ ከእናንተ ስሌት ጋር አመሳክሩት።

## ደረጃ 2፦ ጀርባውን አንብቡ፣ መዝኑት

ይህን ደረጃ ሳትገዙ በፊት እዛው ሱቅ በር ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ፈልጉ። ታማኝ አምራች በ5 ቮልት የሚወጣውን እዚያ ላይ ይጽፋል፤ ለ20,000 ፓወር ባንክ 12,000 ገደማ ታገኛላችሁ። ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ይህንን ያዙ። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም እዚያም ላይ ያው 20,000 ከተጻፈ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ሊቲየም ባትሪ በኪሎ 250 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ዋት ሰዓት ቢያንስ 4 ግራም ባትሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደረጃ 1 ላይ ያገኛችሁትን በ4 አባዙ። ለ74 ዋት ሰዓት ወደ 300 ግራም ይመጣል፤ ያውም ባትሪው ብቻ፣ ሽፋኑና ሰርኪቱ ሳይታከል። በኪስ የሚገባ፣ 200 ግራም የማይሞላ ዕቃ «20,000 ነኝ» ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። 50,000 የሚል ከሆነ ደግሞ ባትሪው ብቻ ከ700 ግራም ያልፋል፤ እጃችሁ ላይ ራሱ ይሰማችኋል።

ክብደቱ መብዛቱ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ክብደት እንዲመስል ብለው ውስጡ አሸዋ ወይም ብረት የሚጨምሩ አሉ። ሚዛኑ ሐሰተኛውን ያጋልጣል እንጂ እውነተኛውን አይመሰክርለትም።

## ደረጃ 3፦ ለመሙላት የሚወስደውን ሰዓት ያዙ

ይህ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰዓት ማየት ብቻ ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው። ቻርጀሩ በሰዓት ከሚሰጠው በላይ ወደ ፓወር ባንኩ ሊገባ አይችልም።

1. ፓወር ባንኩን ሙሉ በሙሉ አራግፉት። አንድ መብራት ሲቀር አታቁሙ፤ ስልክ መሙላት ራሱ እስኪያቆም ጠብቁ።
2. ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን የውጪ ቮልትና አምፒር አባዙ። 5V 2A ካለ 10 ዋት ነው። ብዙ ዓይነት ከተደረደረበት የሚበልጠውን ያዙ።
3. ሰክታችሁ ሰዓቱን ጻፉ። አራቱም መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት አቁመው ሲረጉ እንደገና ጻፉ።
4. ሰዓቱን በዋቱ አባዙ። የምታገኙት ቁጥር ፓወር ባንኩ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ጣሪያ ነው።

እውነተኛ 20,000 በ10 ዋት ቻርጀር ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። በ3 ሰዓት ሞላሁ ካለ ከ30 ዋት ሰዓት በላይ አልገባበትም፤ ከየት አምጥቶ 63 ያወጣል?

መብራት ከጠፋ፦ ጎንደር ውስጥ ሆናችሁ ይህን ስትሠሩ ሌሊቱን መብራት ሊሄድባችሁ ይችላል። ሥራው አልተበላሸም። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጽፋችሁ ከጠቅላላው ቀንሱ። መብራት መቼ እንደጠፋ ካላወቃችሁ ግን ቁጥሩን ጣሉትና በሌላ ቀን ድገሙት፤ በግምት አትሙሉት። እየሞላ እያለ ከሌላኛው ቀዳዳ ስልክ አትሰኩ።

ሰዓቱ ረጅም መሆኑም ለብቻው ዋስትና አይደለም። አንዳንድ ፓወር ባንክ ቻርጀሩ የሚችለውን ሁሉ ሳይወስድ ቀስ ብሎ ይሞላል። ደካማ ኬብልም ሰዓቱን ያረዝመዋል።

## ደረጃ 4፦ የሚወጣውን በቴስተር ቁጠሩ

እውነቱ የሚታወቀው እዚህ ነው። ፓወር ባንኩ ሙሉ ሆኖ፣ ከቻርጀር ተነቅሎ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ጀምሩ።

1. ቴስተሩን በቀጥታ ፓወር ባንኩ ላይ ሰኩት። ኬብሉ ከቴስተሩ በኋላ ይምጣ። ቴስተሩን በስልኩ በኩል ካደረጋችሁት ኬብሉ የሚያባክነውን በፓወር ባንኩ ላይ ትቆጥሩበታላችሁ።
2. የቴስተሩን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ mAh እና Wh ዜሮ መሆናቸውን እዩ። ይህን ሳያዩ መጀመር ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ የትናንቱ ንባብ ከዛሬው ጋር ይደመርባችኋል።
3. ባትሪው 20 በመቶ አካባቢ የሆነ ስልክ ሰኩ። ስልኩን ብታጠፉት ይመረጣል።
4. ስልኩ 80 በመቶ ሲደርስ ንቀሉና ሌላውን ሰኩ። ቴስተሩን ግን አትንቀሉት። ከመንቀላችሁ በፊት ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት።
5. ፓወር ባንኩ ራሱ እስኪጠፋ እንዲሁ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የመጨረሻውን Wh መዝግቡ።

80 ላይ ንቀሉ ያልኩት በምክንያት ነው። ስልክ ሊሞላ ሲቃረብ የሚወስደውን አምፒር ይቀንሳል። ፓወር ባንኩ ደግሞ የሚወሰደው በጣም ሲያንስ «የተሰካ ነገር የለም» ብሎ ይጠፋል። እናንተ ግን ባትሪው ያለቀ ይመስላችኋል።

ይህ ደረጃ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመሃል ከጠፋ፦ ቁልፉን ተጫኑት። ተነስቶ እንደ ቀድሞው ከሞላ ያልኩት ሆኗል ማለት ነው፤ ባትሪው የጎደለ ስልክ ሰክታችሁ ቀጥሉ። ቴስተሩ ከዜሮ ከጀመረ ፎቶ ያነሳችሁትን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ደምሩ። ቁልፉ ሲነካ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተነስቶ የሚወድቅ ከሆነ በእርግጥ አልቋል፤ ደጋግማችሁ አትጨቅጭቁት።

V የሚለው 9 ካሳየ፦ ስልካችሁና ፓወር ባንኩ ፋስት ቻርጅ ላይ ተስማምተዋል። ችግር የለውም፣ mAh የሚለውን ግን አትመልከቱ። ያው 63 ዋት ሰዓት በ9 ቮልት ሲቆጠር 7,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ከ20,000 ላይ 7,000 ሲያይ የማይደነግጥ የለም፤ የሚያስደነግጥ ነገር ግን የለውም። Wh የሚለውን ብቻ ያዙ።

V ከ4.75 በታች ከወረደ፦ ሰርኪቱ የተጠየቀውን መሸከም አቅቶታል። 1 አምፒር ገደማ ብቻ በሚወስድ የቆየ ስልክ ወይም የዩኤስቢ አምፖል ድገሙት። በትንሹ ሲሠራ ጥሩ ካወጣ ባትሪው ደህና ነው፣ ደካማው ሰርኪቱ ነው።

በእጅ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ፦ ንቀሉት፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት፣ መለካቱን አቁሙ።

## ደረጃ 5፦ ቴስተር ከሌለ

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 80 በመቶ ሙሉት። ከዚያ ስልኩን ተጠቅማችሁ አውርዱትና እንደገና ሙሉት። ፓወር ባንኩ እስኪያልቅ ስንት በመቶ እንደጨመረ ብቻ ደምሩ።

የ5,000 ስልክ በጠቅላላው 120 በመቶ ከጨመረ 19.25 በ1.2 ተባዝቶ 23 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስልኩ ሲሞላ ያባከነውን ለመመለስ ለ0.85 አካፍሉት፤ 27 ገደማ ይመጣል። ይህ ግምት ነው። ስልኩ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ ባትሪው 5,000 መሆኑ ስለቀረ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል።

## ደረጃ 6፦ ፍርድ

ከፓወር ባንኩ የወጣውን Wh ደረጃ 1 ላይ ለጻፋችሁት አካፍሉ።

ከ80 እስከ 90 በመቶ ከሆነ ዕቃው እንደተጻፈው ነው። 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ ወይ ባትሪው ቆይቷል፣ ወይ ሰርኪቱ ርካሽ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ ባዶውን መደርደሪያ ላይ ከርሞ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሆኖ ከ60 በታች ከሆነ ግን የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ፓወር ባንኩ ላይ 30,000 ተጽፏል፤ ስለዚህ 111 ዋት ሰዓት ነው። በሚዛን 230 ግራም ሆነ። ባትሪው ብቻ 444 ግራም መሆን ስለነበረበት ውሸቱ ገና እዚህ ተጋልጧል። በ10 ዋት ቻርጀር በ4 ሰዓት ሞላ፤ ጣሪያው 40 ዋት ሰዓት ነው። በቴስተር ሲለካ 27 ወጣ። 27ን ለ111 ስናካፍል 24 በመቶ ነው። ውስጡ በእርግጥ ያለውን ለማወቅ 27ን ለ0.87 አካፍለን 31 ዋት ሰዓት፣ ያንን ለ3.7 አካፍለን በ1,000 ስናባዛ ወደ 8,400 ሚሊ አምፒር ሰዓት እናገኛለን። ሦስቱም መለኪያ ወደ አንድ ቦታ ማመልከቱን ልብ በሉ። አንዱ ከሌሎቹ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ስህተቱ የእናንተ ሊሆን ስለሚችል ያንን ደረጃ ድገሙ።

የብርዱ ነገር፦ ጎንደር ከተማ ውስጥ የአየሩ ጠባይ ውጤቱን አያበላሽም። ደባርቅ አልፋችሁ ስሜን ተራራ ላይ ስታድሩ ግን ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳልና ደህናው ፓወር ባንክ እንኳ ቀድሞ ይጠፋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የቀረውን ይሰጣል። ብርድ ልብስ ውስጥ ከእናንተ ጋር አሳድሩት፤ እዚያ ሆናችሁም አትለኩ። ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው። በመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ የዋለ ባትሪ አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል።

## ደረጃ 7፦ ወደ ሱቅ ስትመለሱ

ደረሰኙን፣ ካርቶኑን፣ የቴስተሩን ፎቶዎችና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብትችሉ በገዛችሁ ሰሞን። «4 ጊዜ አልሞላልኝም» ብላችሁ አትጀምሩ። ባለሱቁ ያንን ሙግት ስንቴ ሰምቶታል፣ መልሱም የተዘጋጀ ነው። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ 30,000 በ5 ቮልት ይውጣ አላልኩም። በ3.7 ስናሰላው 111 ዋት ሰዓት ነው። የሚባክነውን 20 በመቶ ብንተውለት 89 መውጣት ነበረበት። የወጣው 27 ነው፣ ፎቶው ይኸው።»

«ቴስተርህ ነው የተበላሸው» ካለ እዛው መደርደሪያው ላይ ያለውን ተመሳሳይ ፓወር ባንክ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥ ጠይቁት። ሚዛኑ የእሱ ነው፣ የሚፈጀውም አንድ ደቂቃ ነው። ብዙ ባለሱቆች ራሳቸውም ከአስመጪ ሲገዙ ካርቶኑን አምነው ስለሆነ ሳትቆጡ አስረዱት። ቅያሪ ከሰጣችሁ በ«ሬትድ ካፓሲቲ» መስመሩና በክብደቱ መርጣችሁ ውሰዱ።

ካልመለሰላችሁና ዕቃው እጃችሁ ከቀረ፣ ካላበጠና ካልጋለ በ8,400ነቱ ልትገለገሉበት ትችላላችሁ፤ የ5,000 ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ቁጥሩን የዋሸ አምራች መከላከያ ሰርኪቱንም ሊቆጥብ ስለሚችል ግን ሌሊት ተኝታችሁ፣ ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አድርጋችሁ አትሙሉት። ሲያብጥ መጠቀም አቁሙ፤ ከቤት አውጥታችሁ ልጆች የማይደርሱበት ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ላይ አኑሩት፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት።